ስለ ሎተሪ ቁጥሮች፦ ከወሎ የመጡ ጥያቄዎች

ከደሴ፦ መምህር፣ ከ49 ኳሶች 6 በሚወጣበት ሎተሪ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 ብሎ የሚሞላ ሰው ብሩን ዝም ብሎ እየጣለ አይደለም?

ከሌላው ሰው የበለጠ አይጥልም። ኳሶቹን አንድ በአንድ እናውጣቸው። የመጀመሪያው ኳስ ከስድስቱ ቁጥሮችህ አንዱ የመሆን ዕድሉ ከ49 6 ነው። እሱ ከተሳካ ከቀሩት 48 ኳሶች 5ቱ የአንተ ናቸው። ቀጥሎ ከ47 4፣ ከ46 3፣ ከ45 2፣ በመጨረሻም ከ44 1። እነዚህን ስታባዛቸው ከ13,983,816 አንድ ይሆናል።

አሁን ስሌቱን መለስ ብለህ እየው። ቁጥሮችህ እነማን እንደሆኑ የትም ቦታ አልጠየቅኩህም። 4፣ 11፣ 23፣ 30፣ 38፣ 47 ብትሞላም ውጤቱ ያው ነው። ማሽኑ ኳሱ ላይ የተጻፈውን አያነብም።

ከወልድያ፦ እኔ ግን አልቀበልም። ስድስት ተከታታይ ቁጥር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ሁሌም የሚወጣው የተደባለቀ ነው።

ያየኸው እውነት ነው። ተከታታይ የሆኑት ስድስት ስድስት ቁጥሮች፣ ከ1–6 ጀምሮ እስከ 44–49፣ በጠቅላላው 44 ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ከ13.9 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ስለዚህ ከተደባለቁት ወገን አንዱ መውጣቱ አይገርምም። አንተ ግን ወገኑን በሙሉ አልገዛህም። የገዛኸው ከውስጡ አንዱን ብቻ ነው፤ የዚያ የአንዱ ዕድል ደግሞ ከ1–6 አይበልጥም።

ከኮምቦልቻ፦ እኔ የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ስገዛ አንድ አሃዝ የተደጋገመበትን ለአዟሪው እመልስለታለሁ። ጥሩ አድርጌያለሁ?

እትዬ፣ የእርስዎ ትኬት ቁጥሩ ታትሞበት የሚመጣ ስለሆነ ትንሽ ይለያል። መልሱ ግን አይለወጥም። ቢመልሱትም ቢያስቀሩትም ዕድልዎ እኩል ነው።

እንደገና ከወልድያ፦ ልቤ ባይቀበለውም ስሌቱ ይሁን። እንግዲያው 1–6 ልሙላ?

እሱን አልመክርህም። የመውጣት ዕድሉ እኩል ነው፤ የሚደርስህ ገንዘብ ግን እኩል አይሆንም። ብዙ ሰው የሚወደውን ቁጥር ከሞላህ፣ ሲወጣ ሽልማቱን ከብዙ ሰው ጋር ትካፈላለህ። ታኅሣሥ 2020 መጀመሪያ ላይ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በደቡብ አፍሪካ ፓወርቦል 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ወጡ፤ ለብቻው የሚወጣው ስድስተኛ ኳስም 10 ሆነ። ብዙዎች ተጭበርብሯል ብለው ጮኹ። 20 አሸናፊዎች ነበሩ። ወደ 114 ሚሊዮን ራንድ የሚጠጋው ሽልማት ለእያንዳንዳቸው 5.7 ሚሊዮን ገደማ ሆነ።

ከሐይቅ፦ ኳሶቹ ክብደታቸው እኩል ባይሆንስ?

ያኔ የነገርኳችሁ ሁሉ ይፈርሳል። እኩልነቱ የቆመው ኳሶቹ እኩል በመሆናቸው ላይ ነው። ውጤቱን መዝግቦ መጠርጠር ይቻላል፦ በ490 ዕጣ እያንዳንዱ ቁጥር በአማካይ 60 ጊዜ ይወጣል። 50 ወይም 70 ቢሆን የተለመደ ነው፤ 100 ቢደርስ ግን ያጠራጥራል። ትንሽ አድልዎ በዚህ መንገድ ላይታይ ይችላል። ለእሱ ኳሶቹን ራሳቸውን በሚዛን መመዘን ነው የሚሻለው።