የውስጥ ሊንክና የሊንክ ጽሑፍ፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው፤ በራስ ድረ ገጽ ውስጥ አንዱን ጽሑፍ ከሌላው ጋር ስለማገናኘት። ዛሬ አንድ ላይ እመልሳቸዋለሁ።

«የምግብ አሰራር ብሎግ አለኝ። ወደ 60 የሚጠጉ ጽሑፎች አሉኝ። ሰው የሚያነበው ግን ዶሮ ወጡን ብቻ ነው፤ ሌሎች ድረ ገጾችም የሚጠቅሱት እሱን ነው። ብዙ የደከምኩበት የበርበሬ አዘገጃጀት ጉግል ላይ ጭራሽ አይወጣም። ሰርች ኮንሶል ላይ ስፈትሸው Discovered - currently not indexed ይላል። ምን ላድርግ?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ያ መልእክት ጉግል የገጹን አድራሻ ያውቃል፣ ግን ገና ገብቶ አላነበበውም ማለት ነው። አድራሻውን የገጾችዎን ዝርዝር ከያዘው ፋይል፣ ከሳይትማፕ፣ አግኝቶት ይሆናል። ነገር ግን ከራስዎ ጽሑፎች አንዱም ወደዚያ ካልጠቆመ፣ ቶሎ ገብቶ የሚያይበት ምክንያት የለውም።

በመጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ። ሰርች ኮንሶል ውስጥ Links የሚለውን ከፍተው Internal links ስር ያለውን ዝርዝር ይመልከቱ። ለእያንዳንዱ ገጽ ከራስዎ ድረ ገጽ ስንት ሊንክ እንዳለው ያሳያል። የበርበሬው ጽሑፍ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወይም መጨረሻ ላይ ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው።

አሁን ወደ ዶሮ ወጡ እንሂድ። ጉግል የተነሳበት ፔጅራንክ የተባለው ስሌት፣ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ማለት ነው፣ ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ገጽ ከሚጠቁሙት ገጾች ክብደት ያገኛል። ካገኘው ደግሞ አብዛኛውን፣ በመጀመሪያው ስሌት 85 በመቶውን፣ እሱ ለሚጠቁማቸው ገጾች እኩል ያካፍላል። ዛሬ ጉግል ሌላም ብዙ ነገር ይመለከታል፤ መሠረቱን ለመረዳት ግን ይህ ይበቃል። ከውጭ የሚመጣው ክብደት ሁሉ የሚያርፈው ዶሮ ወጡ ላይ ነው። ከዚያ ወደ በርበሬው መንገድ ከሌለ እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ የዶሮ ወጡን ጽሑፍ ይክፈቱና በርበሬ የሚለው ቃል መጀመሪያ የት እንደሚመጣ ይፈልጉ። ምናልባት «ሽንኩርቱ በደንብ ከበሰለ በኋላ በርበሬ ይጨመራል» ይል ይሆናል። አንባቢው «የትኛውን በርበሬ?» ብሎ የሚጠይቀው እዚያ ላይ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በጥቂቱ አስፍተው ሊንኩን እዚያው ያስገቡ፦

```
<a href="/berbere">በርበሬን ከዛላው ጀምሮ ማዘጋጀት</a>
```

ቀጥሎ ጉግል ላይ `site:` ብለው የድረ ገጽዎን አድራሻና በርበሬ የሚለውን ቃል ይጻፉ። በርበሬ የተጠቀሰባቸው ሌሎች ጽሑፎችዎ ይወጣሉ፤ ሽሮው፣ ቀይ ወጡ፣ ቅቅሉም ጭምር። ከእነዚህ አንባቢው በርበሬ ስለማዘጋጀት ሊያስብ የሚችልባቸውን ሦስት ወይም አራት ይምረጡና ሊንክ ያድርጉ። ከሁሉም አያድርጉ። ቅቅል የሚሠራ ሰው በርበሬ መቀመም አያሳስበውም።

በዚያው ወደ ኋላ የሚመለሰውንም አይርሱ። በርበሬውን ላዘጋጀ ሰው ቀጣዩ ጥያቄ ምን ልሥራበት ነው። የበርበሬው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ወደ ዶሮ ወጡ ይምሩት።

አንድ ነገር ልጨምር። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ 80 ታግ የሚደረድሩ ብሎጎች አሉ። የእርስዎም እንደዚያ ከሆነ ያውጡት። ገጹ የሚያካፍለው ክብደት ማንም ወደማይከፍታቸው የታግ ገጾች ይበተናል።

ሊንኮቹን ከጨረሱ በኋላ ሰርች ኮንሶል ላይ Request indexing ይጫኑና ይጠብቁ። ጥቂት ቀን ወይም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። መልእክቱ ወደ Crawled - currently not indexed ከተቀየረ ግን ጉግል ገጹን አንብቦ ትቶታል። ያኔ ሊንክ መጨመሩን ያቁሙና ጽሑፉን ራሱን መለስ ብለው ይመልከቱ።

«ሊንኩ ላይ ሁሌም ‹እዚህ ይጫኑ› ነው የምጽፈው። ችግር አለው?» (ከአዳማ)

አለው። ጽሑፍዎን ስልክ ላይ በፍጥነት የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ቀለም በተለየው የሊንክ ጽሑፍ ላይ ነው። አምስት ቦታ «እዚህ ይጫኑ» ቢያነብ የት እንደሚወስዱት አያውቅም። ማየት የተሳናቸው አንባቢዎች የሚጠቀሙበት ስክሪን ሪደርም ሊንኮቹን ብቻ አውጥቶ በዝርዝር ማንበብ ይችላል፤ «እዚህ ይጫኑ፣ እዚህ ይጫኑ» እያለ። ጉግልም የተጠቆመው ገጽ ስለምን እንደሆነ ከሚረዳባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጽሑፍ ነው።

ሊንኩን ብቻውን ቆርጠው ያንብቡት። ሌላው ገጽ ላይ ምን እንዳለ ከገባዎት ጥሩ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ቃል አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። አንቀጹን በሙሉ ሊንክ ማድረግ ግን አንባቢውን ያደክማል። «ንጥር ቅቤ» የሚለውን ሊንክ አንዴ ወደ አነጣጠሩ፣ አንዴ ወደ መሸጫ ገጽ መላክም ይቅር፤ የትኛው ዋና እንደሆነ አይለይም።

በአማርኛ ለምንጽፍ ደግሞ የፊደል ጉዳይ አለ። አንዱ ፀጉር፣ ሌላው ጸጉር ብሎ ይፈልጋል። ሰርች ኮንሶል ውስጥ Performance ስር Queries የሚለውን ይመልከቱ፤ የእርስዎ አንባቢዎች በየትኛው እንደሚጽፉ ያያሉ። በብዛት የሚጽፉትን በሊንኩም በርዕሱም ይጠቀሙ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱንም መደባለቅ ለዓይን ይከብዳል።

«አድራሻውን ኮፒ አድርጌ ጽሑፌ ውስጥ ስለጥፈው በ% ምልክት የተሞላ ረጅም ነገር ይሆናል። ተበላሽቶ ነው?» (ከዱባይ)

አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይቀየራል። `በ` የሚለው `%E1%89%A0` ይሆናል። «በርበሬ» ብቻውን 36 ምልክት ነው ማለት ነው።

አድራሻውን እንዳለ ከመለጠፍ ይልቅ ቃላቱን መርጠው ሊንኩን ከሥሩ ያስገቡ። አንባቢው ቃላቱን ብቻ ያያል። ዎርድፕረስ የሚጠቀሙ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ዎርድፕረስ ከርዕሱ የሚወሰደውን የአድራሻ ክፍል በ200 ምልክት ይገድበዋል። በአማርኛ 22 ፊደል ገደማ ነው፤ ረጅም ርዕስ መሃል ላይ ይቆረጣል። ለአዲስ ጽሑፎች `berbere` እንደሚለው ያለ አጭር የላቲን አድራሻ ይስጡ። የድሮዎቹን ግን እንዳሉ ይተዉ፤ ሰዎች ያጋሩት ሊንክ እንዳይሰበር።

«ሁሉም ገጾቼ ሜኑ ውስጥ አሉ። ያ አይበቃም?» (ከአዲስ አበባ)

ለጥቂት ገጾች ይበቃል። ነገር ግን ሜኑ በየገጹ አንድ ዓይነት ነው፤ የትኛው ጽሑፍ ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ አይናገርም። ያንን የሚናገረው በጽሑፉ መሃል ያለ ሊንክ ነው።

ሜኑዎ በምን እንደተሠራም ይፈትሹ። ጉግል በእርግጠኝነት የሚከተለው `<a href="...">` የሆነውን ነው። ባለሙያው በ`onclick` ብቻ የሚሠራ በተን አድርጎት ከሆነ፣ ሰው ሲጫነው ይከፈታል፣ ጉግል ግን መንገዱን ላያገኘው ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ሜኑውን በቀኝ ክሊክ ይጫኑ። በአዲስ ታብ ክፈት የሚል ምርጫ ካልመጣ ሊንክ አይደለም።

«‹ስለ እኛ› እና ‹አግኙን› የሚሉት ላይ nofollow ባደርግ ክብደቱ ለዋናዎቹ ጽሑፎች አይተርፍም?» (ከቴል አቪቭ)

አይተርፍም። nofollow ጉግል ሊንኩን እንዳይከተል የሚነግር ምልክት ነው፤ ዘዴውም ድሮ ይመከር ነበር። ነገር ግን የጉግሉ ማት ከትስ በ2009 (እ.ኤ.አ.) እንደገለጸው፣ nofollow የተደረገበት ሊንክ ድርሻ ለሌሎቹ አይከፋፈልም፤ ባክኖ ይቀራል። ከራስዎ ሊንኮች ላይ ያንሱት።