የሞቀ ጡንቻ ከሂሞግሎቢን ተጨማሪ ኦክሲጅን የሚያገኘው እንዴት ነው? ጥያቄና መልስ

ተማሪ፦ መምህር፣ ስንሮጥ ጡንቻ ውስጥ የሚፈጠረው አሲድ ሂሞግሎቢንን ስለሚጎዳው ነው ኦክሲጅኑን የሚለቀው?

መልስ፦ አሲዱ ማስለቀቁ እውነት ነው፤ ሂሞግሎቢኑ ግን አይጎዳም። ሂሞግሎቢን ሁለት ቅርጽ አለው፤ አንዱ ኦክሲጅንን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላው በቀላሉ ይለቃል። በደሙ ውስጥ ሃይድሮጅን አዮን ሲበዛ ከሂሞግሎቢኑ ጋር ይጣበቃል፤ በተለይ በቤታ ሰንሰለቱ ጫፍ ያለው ሂስቲዲን ፖዘቲቭ ቻርጅ ሲያገኝ አጠገቡ ካለው ኔጋቲቭ አሚኖ አሲድ ጋር ይሳሳብና የሚለቀውን ቅርጽ ያጸናዋል። ደሙ ሳንባ ደርሶ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲያስወጣ አዮኖቹ ይላቀቃሉ፤ ያው ሂሞግሎቢን ኦክሲጅን እንደገና ይጭናል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኦክሲጅንን እንደሚያስለቅቅ በ1904 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ኮፐንሃገን ይሠሩ የነበሩት ቦር፣ ሃሰልባልክና ክሮግ ናቸው።

አሰልጣኝ፦ ሙቀቱስ? በቁጥር ቢያሳዩን።

መልስ፦ ኦክሲጅን ከሂሞግሎቢን ጋር ሲጣመር ሙቀት ይወጣል፤ ስለዚህ አካባቢው ሲሞቅ ጥምረቱ ይላላል። በ37 ዲግሪና በፒኤች 7.4፣ የኦክሲጅን ግፊት 27 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ሲሆን ሂሞግሎቢኑ በግማሽ ይሞላል። በብርቱ ሩጫ የእግር ጡንቻው 40 ዲግሪ፣ በውስጡ የሚያልፈው ደም ፒኤች ደግሞ 7.2 ደረሰ እንበል፤ ያን ጊዜ በግማሽ ለመሙላት 39 ገደማ ያስፈልጋል። በጡንቻው ውስጥ ያለው ግፊት 20 ከሆነ፣ ያለ ሙቀትና አሲድ 32 በመቶው ሂሞግሎቢን ኦክሲጅኑን ይዞ ይመለስ ነበር፤ በእነርሱ ምክንያት ግን ይዞ የሚመለሰው 14 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ስሌት የአሲዱ ድርሻ ከሙቀቱ በጥቂት ይበልጣል።

ሯጭ፦ እኔ ከልምምድ በፊት ሎሚ እጠጣለሁ፤ ደሜን አሲድ አድርጎ ይጠቅመኛል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሎሚው አሲድ በሰውነት ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል፤ የደሙንም ፒኤች ባይካርቦኔት፣ ሳንባና ኩላሊት ይጠብቁታል። ቢሳካልዎ እንኳ ጉዳት ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው ጡንቻው ከሳንባው የበለጠ አሲድና ሙቅ ሲሆን ብቻ ነው። ሰውነት በሙሉ አሲድ ከሆነ ሂሞግሎቢኑ ሳንባ ላይም በደንብ አይጭንም።

አሰልጣኝ፦ ታዲያ ሱሉልታ ላይ ሲሮጡ ይህ ነገር ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል?

መልስ፦ ሁለቱም አለበት። በዝቅተኛ ቦታ ሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ 100 ስለሚጠጋ ሂሞግሎቢኑ ትንሽ ቢላላም ከሞላ ጎደል ይሞላል። ከፍታ ላይ ግን ግፊቱ ስለሚወርድ ያው መላላት ጭነቱን ይቀንሰዋል፤ በጥልቀት መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚያስወጣ ጥቂቱን ያካክሳል። ሯጩን የሚገታው የሂሞግሎቢኑ አለቃቀቅ ነው ወይስ ኦክሲጅኑ ከቀጭኑ የደም ሥር እስከ ሚቶኮንድሪያ የሚሄድበት ፍጥነት የሚለው ጥያቄ ደግሞ ተመራማሪዎቹ አሁንም የሚከራከሩበት ነው።