ሁለት ቋንቋ፣ አንድ ኪቦርድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «የአማርኛ ኪቦርድ አፕ አውርጄ ጭኛለሁ። ችግሩ፣ ቻት ላይ ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ከታች ጥግ ያለችውን ትንሽ ምልክት ነክቼ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ መምረጥ አለብኝ። ሁለት ቃል በጻፍኩ ቁጥር ሥራዬ ይኼው ነው። አቋራጭ የለውም? ስልኬ አንድሮይድ ነው።» እህታችሁ ከባሕር ዳር

መልስ፦ አለው። አሁን ስልክሽ ላይ ያሉት ሁለት ኪቦርዶች ናቸው፤ አንዱ ከስልኩ ጋር የመጣው፣ ሌላው ያወረድሽው። አንድሮይድ እያንዳንዱን እንደ ራሱን የቻለ አፕ ስለሚቆጥረው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሪ ዝርዝር አውጥቶ ያስመርጥሻል። መፍትሔው አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም አንድ ኪቦርድ ውስጥ ማስገባት ነው። ያኔ መቀያየሩ አንድ ንክኪ ይሆናል።

ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው Gboard ይህን ይችላል። ከሌለሽ ከPlay Store አውርጂው። ማንኛውንም ቻት ክፈችና ኪቦርዱ ሲወጣ ጥርስ ያለው ጎማ የሚመስለውን የሴቲንግ ምልክት ንኪ። Languages የሚለውን ግቢ፣ Add keyboard በይ፣ ከዝርዝሩ Amharic የሚለውን መርጠሽ Done በይ። እንግሊዝኛው እዚያው መኖሩን አረጋግጪ። ከዚያ ወደ Preferences ተመልሰሽ Show language switch key የሚለውን አብሪው። ስፔስ አጠገብ የሉል ምልክት ይመጣል፤ እሷን አንድ ጊዜ ስትነኪ ቋንቋው ይቀየራል። ሉሏ ካልታየችሽ ስፔሱን ተጭነሽ ትንሽ ብትቆዪ የቋንቋዎቹ ዝርዝር ይወጣልሻል።

መሞከሪያው ቀላል ነው፤ ከአማርኛው ተነሥተሽ «እሺ ok እሺ» ብለሽ ጻፊ። ሁለት ጊዜ ብቻ ሉሏን ነክተሽ ከጨረስሽ ተስተካክሏል። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ካስነካሽ Languages ውስጥ ሳታስቢው የገባ ሌላ ቋንቋ አለ ማለት ነው፤ አጥፊው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ የፊደሉ አቀማመጥ ከለመድሽው ሊለይ ይችላል። selam ብለሽ «ሰላም» የሚያወጣ በድምፅ የሚጻፍ ኪቦርድ ከለመድሽ Keyman የሚባለውን ነፃ አፕ ሞክሪ። እዚያ ውስጥ GFF Amharic የሚል ኪቦርድ አለ። ከእንግሊዝኛው ኪቦርድ ጋር እዚያው Keyman ውስጥ ስለሚቀመጥ ሁለቱን በሉሏ ትቀያይሪያቸዋለሽ። እጅ የለመደውን መቀየር አድካሚ ስለሆነ እኔ ብሆን የለመድኩትን አቀማመጥ አስቀድማለሁ።

ጥያቄ፦ «ሉሏን አውቃታለሁ፤ ግን የቢሮ ግሩፕ ላይ የምጽፈው ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ አምስት ጊዜ እቀይራለሁ። ኪቦርዱ ራሱ ቋንቋውን ቢለይልኝ ምን ነበረበት?» ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ቢሆን ኖሮ ይቻል ነበር፤ ሁለቱ ፊደላቸው አንድ ስለሆነ ኪቦርዱ ከቃሉ ተነሥቶ ይገምታል። አማርኛና እንግሊዝኛ ግን ቁልፎቻቸው ራሳቸው የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ የሚቀየረውን ቁጥር መቀነስ የሚቻለው በአጻጻፍዎ ነው። በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ።

ይህን ይመልከቱ፦ «meetingኡን postpone አድርገነዋል»። ከአማርኛ ኪቦርድ ከተነሡ ወደ እንግሊዝኛ፣ ተመልሶ ወደ አማርኛ፣ እንደገና ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያም ወደ አማርኛ ነው፤ አራት ቅያሪ። በዚያ ላይ «ኡን» ቃሉ ላይ የተለጠፈ ባዕድ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱም የአማርኛ ቅጥያ መጨረሻው ላይ ካለው ፊደል ጋር ይዋሐዳል፤ «ሚቲንግ» ላይ ሲጨመር «ግ» ራሷ «ጉ» ትሆንና «ሚቲንጉን» ይወጣል። «ሊንክ» «ሊንኩን»፣ «ፋይል» «ፋይሎቹን» ይሆናል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ቃል ይህን ማድረግ አይችልም። ሁሉም ሰው በአፉ የሚለው ደግሞ «ሚቲንጉን» ነው። በፊደላችን ሲጽፉት አንድም ቅያሪ አያስፈልግዎትም፤ አንባቢውም ሳይደናቀፍ ያነበዋል። «ስብሰባውን አራዝመነዋል» ካሉ ደግሞ ከሁሉም ያምራል።

ሉሏን በእውነት ለሚፈልጓት ነገር ያቆዩአት፤ ለኢሜይል አድራሻ፣ ለድረ ገጽ ሊንክ፣ በ@ ለሚጀምር የቴሌግራም ስም፣ ለፓስዎርድ። ኢሜይልዎንና የሥራ ሊንኮችዎን የሚደጋግሟቸው ከሆነ ቴሌግራም ላይ Saved Messages ውስጥ አስቀምጠው መቅዳት ከመቀየርም ይፈጥናል።

ጥያቄ፦ «አባቴ አሜሪካ ነው፤ አይፎን ገዛንለት። አማርኛ ጨመርንለት፤ ግን ሉሏን ሲነካ አንዴ ስፓኒሽ፣ አንዴ ሌላ ይመጣበትና ይናደዳል።» ከአዳማ

መልስ፦ ብዙ ኪቦርድ ስላለበት ነው። አይፎን ሉሏ በተነካች ቁጥር የተከፈቱትን ኪቦርዶች በየተራ ያዞራል። አባትህ ጋ ደውለህ አብራችሁ Settings፣ General፣ Keyboard፣ Keyboards ድረስ ግቡ። Edit ብሎ ከእንግሊዝኛና ከአማርኛ በቀር ያለውን ያጥፋ። ኢሞጂውን ግን ይተውለት፤ የልጅ ልጆቹ ሳይፈልጉት አይቀሩም። ጥቂት ሲቀሩ መንገዱ አይጠፋበትም። ሉሏን ተጭኖ ሲቆይ ደግሞ በስም የተጻፈ ዝርዝር ስለሚወጣ፣ ለእሱ ከመዞሩ ይልቅ ያ ሊቀለው ይችላል። አማርኛ መጨመሩ የስልኩን ቋንቋ አይለውጥም፤ ሜኑው እንደነበረ ይቆያል።

ጥያቄ፦ «ትክክለኛ ፓስዎርዴን እያስገባሁ “ተሳስተሃል” ይለኛል። አማርኛ ከጫንኩ በኋላ የመጣ ነው። አፑ ፓስዎርዴን እየሰረቀ ይሆን?» ከሪያድ

መልስ፦ መጀመሪያ የዓይን ምልክቷን ነክተህ የጻፍከውን እየው። ፓስዎርድ በነጥብ ስለሚሸፈን፣ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንደቀረ ሳታውቅ በአማርኛ ፊደል እየሞላህ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ይኼው ነው።

ስጋትህ ግን መሠረት አለው። ኪቦርድ የምትጽፈውን ሁሉ ያያል፤ አንድሮይድም አዲስ ኪቦርድ ስታበራ ይህንኑ ያስጠነቅቅሃል። አይፎን ላይ አውርደህ የጫንከው ኪቦርድ ፓስዎርድ መጻፊያ ውስጥ አይገባም፤ ስልኩ በራሱ ኪቦርድ ይተካዋል። እዚያም ቢሆን ኪቦርዱ የምትጽፈውን ወደ ውጭ እንዲልክ የሚያስችለውን Allow Full Access የሚለውን ያለ በቂ ምክንያት አትፍቀድ። ማን እንደሠራው በማይታወቅ አፕ የባንክ ቁጥር አትጻፍ።

ጥያቄ፦ «በእንግሊዝኛ የምልከው ኤስኤምኤስ አንድ ሆኖ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ “እሺ” ብዬ ስጨምር ሂሳቤ ሦስት እጥፍ ተቆረጠ። ስህተት ነው?» ከጅማ

መልስ፦ ስህተት አይደለም። አንድ ኤስኤምኤስ በተራ የላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ፊደል ይይዛል። አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባችበት ግን መልእክቱ በሙሉ ሰፋ ወዳለ አጻጻፍ ይቀየርና አቅሙ 70 ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍልም 67 ብቻ ይይዛል። መልእክትዎ «እሺ»ን ጨምሮ 150 ፊደል ቢሆን 67፣ 67 እና 16 ሆኖ ሦስት መልእክት ይወጣዋል። ክፍት ቦታውም፣ «።» ምልክቷም ይቆጠራሉ። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ሆኖ በ«።» ብቻ ቢዘጉት እንኳ ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ በኤስኤምኤስ ሲልኩ ወይ ሙሉውን በእንግሊዝኛ ይጻፉ፣ ወይ በአማርኛ ከ70 ሳያልፍ ያሳጥሩት። ቴሌግራምና ዋትስአፕ በኢንተርኔት ስለሚሄዱ ይህ አቆራረጥ አይመለከታቸውም።