የ4 ቢት ሪፕል ካሪ አደር መዘግየት

«ኮምቦልቻ ላብ ውስጥ ባለ 4 ቢት አደር እየሠራሁ ነው። እያንዳንዱ ጌት 10 ናኖሰከንድ ከፈጀ፣ ካሪው በተከታታይ 3 ጌት የሚያልፍበት ፉል አደር በ4 ሲባዛ 120 አይሆንም?»

አብሽር ወንድሜ፣ የሳትከው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ቀመሩን እየው፦

```
S = A ^ B ^ Cin
Cout = (A & B) | (Cin & (A ^ B))
```

`A ^ B` ካሪውን አይጠብቅም። በአራቱም ደረጃ በ10 ናኖሰከንድ እኩል ያልቃል። ስለዚህ ሦስት ጌት የሚቆጠረው መጀመሪያው ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ካሪው በየደረጃው የሚያልፈው በኤንድና በኦር ብቻ ስለሆነ 30 + 3×20 = 90 ይመጣል። `S3` ግን በ80 ይደርሳል።

ስትፈትሸው ሁሉንም ከዜሮ አስነሳና `A=1111`፣ `B=0000`፣ `Cin=1` በአንዴ ስጠው። ብዙ ሰው 1111+0001 ይሞክራል፤ እዚያ ግን የመጀመሪያው ካሪ በቀጥታ ከ`A & B` ስለሚወጣ 80 ብቻ ያሳይሃል።