አዲስ የፈጠሩት ስም ለአንዳንዱ ሰው «የለም» ሲል

«ለapp.example.com አዲስ የA ሪከርድ ከፈጠርኩ 2 ሰዓት ሆኖታል። ቲቲኤሉን 300 ሰከንድ አድርጌዋለሁ። እኔ ስሞክረው ይከፍታል፤ ግማሾቹ ባልደረቦቼ ግን አሁንም ስሙ እንደሌለ ይነገራቸዋል። 5 ደቂቃ ብዬ ያስቀመጥኩት እንዴት 2 ሰዓት ይፈጃል?»

ያስቀመጡት 300 ሰከንድ የሚሠራው ሪከርዱን ላገኘ ሰው ብቻ ነው። ባልደረቦችዎ ዘንድ የተቀመጠው ሪከርዱ ሳይሆን «የለም» የሚለው መልስ ነው፤ ይህ መልስ ደግሞ ሌላ ዕድሜ አለው። ሪዞልቨር አንድን ስም ጠይቆ «የለም» ከተባለ፣ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ላለመላክ መልሱን ይይዘዋል። ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዘው የሚወስነው የዞንዎ SOA ሪከርድ ነው።

ከማንም በፊት ግን የራስዎን ስም ሰርቨሮች በየተራ ይጠይቁ። ከመካከላቸው አንዱ አዲሱን ዞን ገና ካልተቀበለ፣ አሁንም «የለም» እያለ በየሪዞልቨሩ አዲስ ቆጠራ ያስጀምራል፤ እሱ ሳይስተካከል መጠበቅ ከንቱ ነው። ሁሉም ትክክለኛውን አድራሻ ከመለሱ፣ ያልሠራለት ባልደረባ የሚጠቀምበትን ሪዞልቨር ይጠይቁ፦

```
dig app.example.com A @192.0.2.53
```

ከመልሱ ውስጥ የሚፈልጉት የሚከተለውን የመሰለ ነው፦

```
status: NXDOMAIN
example.com. 2860 IN SOA ns1.example.com.
  hostmaster.example.com. 2025031401
  7200 900 1209600 10800
```

መጨረሻ ላይ ያለው 10800 «ሚኒመም» የሚባለው ዋጋ ነው። ስሙ ያሳስታል። በ1998 የወጣው RFC 2308 ትርጉሙን ስለለወጠው፣ ዛሬ የሚያመለክተው የ«የለም» መልስ የሚቆይበትን ጊዜ ነው። በትክክል ለመናገር፣ የሚሠራው ከዚህ ዋጋና ከራሱ ከSOA ሪከርድ ቲቲኤል ያነሰው ነው። የSOA ቲቲኤልዎ 86400 ነው እንበል፤ ያነሰው 10800፣ ማለትም 3 ሰዓት ነው።

አሁን ከፊት ያለውን 2860 ይመልከቱ። ሪዞልቨሩ ከ10800 ጀምሮ ወደ ታች እየቆጠረ ነው፤ የቀረው 48 ደቂቃ ገደማ ነው። ያለፈው 7940 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው። እርስዎ ሪከርዱን የፈጠሩት ከ2 ሰዓት በፊት ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ወይም አንድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ስሙ ሳይፈጠር 12 ደቂቃ ቀድሞ ጠይቋል፤ በዚያው ሪዞልቨር የሚጠቀሙ ሁሉ አሁን የሚያገኙት ያንን አንድ መልስ ነው። የእርስዎ ሪዞልቨር ቀድሞ ስላልተጠየቀ አልተነካም። እኔ ከሁሉ የምወደው ምስክር ግን 2025031401 የሚለው የዞኑ ተከታታይ ቁጥር ነው። ሪከርዱን ሲጨምሩ ቁጥሩ ወደ 2025031402 ካደገ፣ ባልደረባዎ የያዘው መልስ ከለውጡ በፊት የተሰጠ ለመሆኑ ክርክር አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስሙ ቀድሞ በሌላ ዓይነት ሪከርድ፣ ለምሳሌ በTXT፣ ኖሮ A ብቻ ጨምረው ከሆነ NXDOMAIN አያዩም፤ NOERROR ከባዶ መልስ ጋር ይመጣል። እሱም በዚሁ ሕግ ይያዛል።

ሚኒመሙን አሁን ቢቀንሱት የተያዘውን መልስ አያሳጥረውም፤ ቆጠራው አስቀድሞ ተጀምሯል። ሪዞልቨሩ የእርስዎ ከሆነና በባይንድ የሚሠራ ከሆነ ስሙን ብቻ ያጽዱ፦

```
rndc flushname app.example.com
```

የጉግልና የክላውድፍሌር ሕዝባዊ ሪዞልቨሮች ማንም ሰው አንድን ስም እንዲያጸዳ የሚፈቅድ ገጽ አላቸው። በሌላ ሰው ሪዞልቨር ላይ ግን 48 ደቂቃውን ከመጠበቅ በቀር መንገድ የለም፤ ባልደረባዎ ኮምፒውተሩን ቢያጠፋና ቢያበራም የራሱን ማሽን ብቻ ነው የሚያጸዳው።

ለሚቀጥለው ጊዜ፣ አዳዲስ ስሞች በየጊዜው የሚፈጠሩበት ዞን ከሆነ ሚኒመሙን ወደ 300 ቢያወርዱት እመርጣለሁ። ዋጋው ስም ሰርቨሮችዎ ለሌሉ ስሞች የሚቀበሉት ጥያቄ መብዛቱ ነው፤ ለአብዛኛው ዞን የሚያሳስብ አይደለም። ማውረዱ ግን ከሥራው ቢያንስ 3 ሰዓት ቀድሞ መሆን አለበት፤ በአሮጌው ዋጋ የተያዙት መልሶች የሚያልቁት ያን ጊዜ ነውና። አገልግሎት ሰጪዎ SOAን እንዲነኩ ካልፈቀደልዎ፣ መጀመሪያ ሪከርዱን ይፍጠሩ፤ ከዚያ ሁሉም ስም ሰርቨሮች መመለሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ያረጋግጡ፤ ስሙን ለባልደረቦችዎና ለመቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ የሚሰጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።