ዶላሩ ዜሮ ሆኖ ብሩ የቀረበት ሂሳብ

ሰሞኑን ከገላን እስከ ሱሉልታ ካሉ ፋብሪካዎችና መጋዘኖች የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገጥማሉ። የዶላር ሂሳባችን በብር ሲታይ ለምን አልገጥም አለ? ከመጡት አምስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ይላል፤ ብዙዎቻችሁ የምትቸገሩበት እሱ ስለሆነ ነው።

"የቻይናውን አቅራቢ የ40,000 ዶላር ዕዳ ከፍለን ጨርሰናል። ሲስተሙ ላይ የዶላር ቀሪው ዜሮ ነው። በብር ግን 240,000 አለብን ይላል። ሥራ አስኪያጁ 'ይሄ ብር የማን ነው?' እያለ ያፋጥጠኛል።" — ገላን፣ ፕላስቲክ ፋብሪካ

የማንም አይደለም፣ እህቴ። የወር መጨረሻው ማስተካከያ ሳይገለበጥ ቀርቶ ነው።

በላክሽልኝ ቁጥር እንሂድ። ኢንቮይሱ ሲመዘገብ ዶላር 130 ብር ነበር፤ ዕዳው 5,200,000 ብር ሆኖ ገባ። ወሩ ሲያልቅ ተመኑ 136 ደረሰ። ያልተከፈለ የዶላር ዕዳ በወር መጨረሻው ተመን መታየት ስላለበት፣ ሪቫሉዌሽን ሠርተሽ ዕዳውን 5,440,000 አደረግሽው። 240,000 ብሩ ገና ያልተረጋገጠ የምንዛሪ ኪሳራ ተባለ። እስከዚህ ምንም ስህተት የለም።

በሚቀጥለው ወር በ138 ከፈላችሁ፤ ከባንክ 5,520,000 ብር ወጣ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሲስተሙ ክፍያውን የሚያቻችለው ከኢንቮይሱ ጋር ነው። ኢንቮይሱ ደግሞ የሚያውቀው 130ን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዕዳው 5,200,000 ቀነሰና ልዩነቱን 320,000 ብር የተረጋገጠ ኪሳራ ብሎ መዘገበው። የባለፈው ወር 240,000 ግን የሚነካው አጥቶ ዕዳው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ኪሳራችሁም 560,000 ሆኖ ይታያል። እውነተኛው 320,000 ነው።

ማስተካከያው በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቀን በተቃራኒ ምዝገባ ቢገለበጥ ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ኦዱ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ ከሆንሽ፣ ያልተረጋገጠ ትርፍና ኪሳራ ሪፖርቱ የማስተካከያ ምዝገባውን ሲሠራ `Reversal Date` ብሎ ይጠይቅሻል። ያንን ቀን እንዳለ ተዪው። በሌላ ሲስተም የምትሠሩ ደግሞ መገልበጡ በራሱ ይሁን በእጅ አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም።

አሁን ያለሽበትን ለማቃናት የድሮዋን ማስተካከያ ፈልገሽ ገልብጫት። ያ ወር ተዘግቶ ከሆነ መገልበጫውን ክፍት በሆነው ወር አስገቢ። አደራ፣ 240,000ውን "ልዩ ልዩ ገቢ" ውስጥ ወርውረሽ እንዳትገላገይ። እኔ ጀማሪ ሳለሁ በአንድ መሥሪያ ቤት ይህንኑ አድርጌ ኦዲተሩ ፊት ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ከዚህ በኋላ በየወሩ የዶላር ቀሪያቸው ዜሮ ሆኖ የብር ቀሪያቸው ዜሮ ያልሆነ አቅራቢዎችንና ደንበኞችን አውጪ። አንድም ስም ከመጣ የሆነ ነገር ተዛብቷል ማለት ነው።

"ለ100,000 ዶላር ማሽን 30 በመቶውን ብር ሳይንሳፈፍ በ58 ከፍለን ነበር። ማሽኑ የመጣው ዶላር 110 ሲገባ ነው። ሲስተሙ በቅድመ ክፍያው 1,560,000 ብር አተረፋችሁ ይለናል። እውነት አተረፍን?" — ሰበታ

አላተረፋችሁም። ቅድመ ክፍያችሁ ወደፊት የሚመጣላችሁ ማሽን እንጂ ተመልሶ የሚመጣ ዶላር አይደለም። አይኤፍአርኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደንብ እንዲህ ያለው ሂሳብ በተከፈለበት ቀን ተመን ይቆያል፣ በየወሩ አይተመንም። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ተመን ይይዛል። 30,000 ዶላሩ በ58 ሲሰላ 1,740,000 ብር ነው። ቀሪው 70,000 በ110 ሲሰላ 7,700,000 ይሆናል። የማሽኑ ዋጋ 9,440,000 ብር እንጂ 11,000,000 አይደለም። በ11,000,000 ከመዘገባችሁት በሌለ ዋጋ ላይ ለዓመታት የእርጅና ቅናሽ ስታሰሉ ትኖራላችሁ።

ሲስተሙ የተሳሳተው ቅድመ ክፍያው ከተራ ዕዳ ጋር አንድ ሂሳብ ውስጥ ስለተቀመጠ ይመስለኛል። ለቅድመ ክፍያ የራሱ ሂሳብ ክፈቱለትና ከሪቫሉዌሽኑ አስወጡት። ውሉ ፈርሶ አቅራቢው ገንዘቡን ሊመልስ ሲስማማ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዶላር ተሰብሳቢ ነውና በየወሩ ይተመናል።

"ኦዱ የምንዛሪ ተመኑን ራሱ እንዲያመጣ አድርገነው ነበር፤ የብር ተመን ግን አይቀየርም። በእጅ እናስገባ ካልን የየትኛውን ባንክ? የጥቁር ገበያውንስ?" — ለገጣፎ፣ አስመጪ

ተመኑን ከየት እንደሚያመጣ እዩት። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከሆነ፣ እዚያ ዝርዝር ውስጥ ብር የለም። ብትጠብቁት ብትጠብቁት አይመጣም። ስለዚህ በእጅ ነው።

እኔ የምመክረው ዶላሩን የምትገዙበትን ባንክ ተመን ነው። ለዕዳችሁ መሸጫውን፣ በዶላር ለተቀመጠ ገንዘባችሁ መግዣውን ውሰዱ። ዋናው ነገር አንዴ የመረጣችሁትን በጽሑፍ አስፍራችሁ በየወሩ እሱኑ መያዝ ነው። ትርፍ ሲያምራችሁ አንዱን ባንክ፣ ኪሳራ ሲያምራችሁ ሌላውን መያዝ አይቻልም። የጥቁር ገበያው ተመን መዝገብ ውስጥ ቦታ የለውም።

ስታስገቡ ደግሞ አሥርዮሹን ተጠንቀቁ። ኦዱ በውስጡ የሚያስቀምጠው አንድ ብር ስንት ዶላር እንደሆነ ነው። 136 ማለት 0.00735294 ነው። አንድ ሠራተኛ አሳጥሮ 0.0074 ቢጽፍ፣ ለሲስተሙ ዶላሩ 135.14 ሆነ ማለት ነው። በ40,000 ዶላር ላይ ብቻ 34,595 ብር ይጠፋል። ተመኑን በብር የምትጽፉበት ዓምድ ካላችሁ እዚያ ላይ ጻፉ።

"መጋዘን ውስጥ ያለው ዕቃ በድሮ ዶላር የገባ ነው። ሪቫሉዌሽን ስንሠራ እሱም አብሮ ይተመን?" — ቃሊቲ

አይተመንም። ዕቃው በገባበት ዋጋ ይቀመጣል። የመሸጫ ዋጋችሁን ዛሬ መልሳችሁ በምትገዙበት ዶላር ማስላት ትችላላችሁ፤ እሱ የንግድ ውሳኔ ነው፣ የመዝገብ አይደለም።

"የበጀት ዓመታችን ሰኔ 30 ነው የሚያልቀው። የ2016 መዝገባችን እየታየ ነው። አለቃዬ ዕዳችን በእጥፍ ስላደገ በአዲሱ ተመን ይዘጋ ይላል። ኦዲተሩ አይሆንም አለ።" — ሱሉልታ

ኦዲተሩ ልክ ነው። ተመኑ የተለቀቀው ሐምሌ 22 ነው። ዶላሩ በአንድ ቀን 30 በመቶ ገደማ ቢወደድም፣ ሰኔ 30 ላይ 57 ብር ከሳንቲም ነበር። መዝገቡ የሚዘጋው በዚያ ነው። በኋላ የመጣው ለውጥ የ2017 ኪሳራ ነው። ለውጡ ከባድ ከሆነ ግን መጠኑ በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ መጻፍ አለበት። አለቃህን በዚህ አግባባው።

ሲስተሙ ላይ አንዲት ወጥመድ አለች። የሚሠራው በፈረንጆች ቀን ነው። አንድ ልጅ "ሰኔ 30" ሲባል ጁን 30 አስገብቶ ሲተምን አይቻለሁ። የ2016 ሰኔ 30 ጁላይ 7 ቀን 2024 ነው። በሁለቱ መካከል የገቡት ኢንቮይሶች በሙሉ ሳይተመኑ ቀሩ፤ ምክንያቱን ያገኘነው ሁለት ቀን ሙሉ ስንፈልግ ውለን አድረን ነው።