በዓረብኛው ስልክ ላይ የቀኙ ይነካ ወይስ የግራው?

ጥያቄ፦ «እህቴ ከጅዳ የላከችልኝ ሳምሰንግ ሁሉ ነገሩ በዓረብኛ ነው። ቋንቋውን ለመቀየር ገብቼ English የሚለውን ስመርጥ ሁለት ቁልፍ ያለው መልእክት መጣ። የቀኙን ነካሁ፤ ምንም አልተለወጠም። የግራውን ብነካ ፎቶዎቼ ይጠፉ ይሆን ብዬ ፈራሁ። የስክሪኑን ፎቶ ልኬያለሁ።» ጠያቂ ከጅማ

መልስ፦ የግራውን ይንኩ፤ ፎቶዎችዎ አይጠፉም። በላኩልን ፎቶ ላይ በግራው ቁልፍ ውስጥ افتراضي የሚለው ቃል ይታያል፤ ይህም «ዋና አድርግ» ለማለት የገባ ነው። ስልኩ የሚጠይቅዎት አዲስ የጨመሩት እንግሊዝኛ ዋና ቋንቋ ይሁን ወይስ ዓረብኛው እንዳለ ይቀጥል ብሎ ሲሆን፣ የቀኙ ቁልፍ «ያለው ይቀጥል» የሚል ስለነበር ስልኩ ያዘዙትን ፈጽሟል።

ያሳሳተዎት የእጅ ልማድ ይመስለኛል። በእንግሊዝኛም ሆነ በአማርኛ በተጫነ ስልክ ላይ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ የመስማሚያው በቀኝ፣ የመተዊያው በግራ ይቀመጣል። ዓረብኛ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ አንድሮይድ ገጹን በሙሉ ይገለብጠዋል፤ ወደ ኋላ የምትመልሰው ቀስት ወደ ላይኛው ቀኝ ጥግ ትሄዳለች፣ መስማሚያውም ወደ ግራ ይዞራል። ስለዚህ በዓረብኛ ስልክ ላይ «ለጥንቃቄ» ብሎ የግራውን የሚነካ ሰው፣ ሳያውቅ እሺ ማለቱ ነው። በእርስዎ ጉዳይ ጉዳት የለውም፤ መልእክቱ የመሰረዝ ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር።

መልእክቱን ዘግተውት ከሆነ ቋንቋውን እንደገና መጨመር አያስፈልግዎትም። ጥርሳም ጎማ የምትመስለውን የሴቲንግ ምስል ከፍተው ወደ ታች ይውረዱና الإدارة العامة የሚለውን ይንኩ፤ ከዚያ ከላይ ያለውን اللغة የሚለውን መስመር ይክፈቱ። ዓረብኛውና English ከነክባቸው ተደርድረው ያገኟቸዋል። በEnglish አጠገብ ያለውን ክብ ነክተው ከታች تطبيق የሚል ቁልፍ ሲመጣ እርሱን ይጫኑ፤ ገጹ ወዲያው ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። አማርኛ ከፈለጉ إضافة لغة በሚለው፣ የመደመር ምልክት ባለበት መስመር ገብተው ይፈልጉ። እያንዳንዱ ቋንቋ በራሱ ፊደል ስለሚጻፍ «አማርኛ» የሚለውን በግዕዝ ፊደል ያዩታል። ዝርዝሩ ስልኩ ለየትኛው አገር ገበያ እንደተሠራ ስለሚለያይ፣ ከሌለ በእንግሊዝኛው ይቀጥሉ።

መጠንቀቅ ያለብዎት በዚሁ الإدارة العامة ገጽ ላይ ነው። ቋንቋው ከላይ ሲሆን፣ ስልኩን ወደ ፋብሪካ ይዞታው የሚመልሰው ክፍል በዚያው ገጽ ግርጌ ይገኛል፤ ስሙም إعادة በሚለው ቃል ይጀምራል። እዚያ ገብተው እስከ መጨረሻው ከተስማሙ ፎቶውም፣ የተመዘገበው ስልክ ቁጥርም፣ ሁሉም ከስልኩ ይጠፋል። መለያው ቀላል ነው፦ ስልክዎ በመክፈቻ ቁጥር የሚቆለፍ ከሆነ፣ ሁሉን ከማጥፋቱ በፊት የመክፈቻ ቁጥርዎን ይጠይቃል፤ ቋንቋ መቀየር ግን የመክፈቻ ቁጥር አይጠይቅም። ስለዚህ ቋንቋ ልቀይር ብለው ገብተው ቁጥር ከተጠየቁ ቦታ ስተዋልና ሳያስገቡ ይውጡ። حذف ወይም مسح የሚል ቃል ያለበትን ቁልፍም ሳያጣሩ አይንኩ፤ ሁለቱም ማጥፋት ናቸው። إلغاء የሚለው ብቻውን የተጻፈበት ቁልፍ መተዊያ ስለሆነ እርሱን ቢነኩ የሚሆን ነገር የለም።

ትርጉሙን በስልክ ካሜራ ማስነበብ ይረዳል፤ ነገር ግን በረጅም ዓረፍተ ነገር እንጂ በአንድ ቃል ቁልፍ ላይ አይተማመኑበት። مسح በዓረብኛ ማጥፋትም፣ በካሜራ ወይም በማሽን ማንበብም ሊሆን ስለሚችል፣ ተርጓሚው «ስካን» ብሎ ሊያስነካዎት ይችላል። ስለዚህ ቁልፉን ብቻ ሳይሆን ከላዩ ያለውን ጥያቄም አብረው ያስነብቡት። በከተማችን ቁርኣን የሚቀራ ጎረቤት አይጠፋምና ፊደሉን ማንበብ የሚችል ሰው ያገኛሉ፤ ይሁንና የሴቲንግ ቃላት ከመድረሳ ትምህርት የራቁ በመሆናቸው፣ ያነበበልዎት ሰው ትርጉሙን በግምት ከነገረዎት ሌላ ሰው ይጨምሩ። ለማሳየት የስልኩን ማብሪያ ማጥፊያና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው ስክሪኑን ፎቶ ያንሱ፤ በሌላ ስልክ የተነሣ ፎቶ ሊያብለጨልጭ ይችላል።

ቋንቋው ከተቀየረ በኋላ መጻፊያው አሁንም የዓረብኛ ፊደል ካወጣ አይደንግጡ። የኪቦርዱ ቋንቋ ለብቻው ስለሚስተካከል፣ በዚያው General management ገጽ ውስጥ Samsung Keyboard settings የሚለውን ከፍተው Languages and types በሚለው ስር የሚፈልጉትን ይጨምሩ።